መልሱ 500 ነው፣ 182 ነው ወይስ 200? መንግሥት ወጪውን በ100 ቢሊዮን ሲጨምር

የማታ ተማሪ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:40)

ሰላም ለዚህ ቤት። ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ማታ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። ቅዳሜ ፈተና አለብን። ከመለማመጃው አንዱ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። ሰዎች ግብር ከፍለው ከሚተርፋቸው እያንዳንዱ ብር ውስጥ 80 ሳንቲሙን ያወጡታል። ግብሩ ከአንድ ብር ገቢ ላይ 25 ሳንቲም ነው። የአገሪቱ ገቢ በአንድ ብር ሲጨምር ከውጭ የሚገዛው ዕቃ በ10 ሳንቲም ይጨምራል። መንግሥት ወጪውን በ100 ቢሊዮን ቢያሳድግ ምርት በስንት ያድጋል?

እኔ 1ን ለ0.2 አካፍዬ 5 አገኘሁ፤ ስለዚህ 500 ቢሊዮን አልኩ። አብራኝ የምታጠናው ልጅ 182 አለች። የመልስ ወረቀቱ ደግሞ 200 ይላል። ቀመሩን እየሸመደድኩ መግባት አልፈልግም፤ በፈተና ድንጋጤ ይጠፋብኛል። ምክንያቱን የሚያስረዳኝ አለ?

ቶሎቶሎ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:52)

ቀላል ነው እህቴ። አንቺ ግብርንና ኢምፖርትን ረስተሻል። ገንዘቡ የሚያመልጥባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ቁጠባ 0.2፣ ግብር 0.25፣ ኢምፖርት 0.1። ደምሪያቸው፤ 0.55 ይመጣል። 1ን ለ0.55 ስታካፍይ ማባዣው 1.82 ነው፤ 100 ሲባዛበት 182። ጓደኛሽ ልክ ናት። የመልስ ወረቀቱ ላይ የትየባ ስህተት አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር የተለመደ ነው፣ አትጨነቂ።

ብረት ተራ (ማክሰኞ፣ ማታ 4:15)

ወገኖች፣ በወረቀት ላይ 100 ቢሊዮን ወደ 200 ሲባዛ ሳይ ሳቄ መጣ። እኔ የአርማታ ብረት እሸጣለሁ። የመንግሥት መንገድና ሕንፃ ለሚሠሩ ተቋራጮች በዱቤ ሰጥቼ ገንዘቤ ከተያዘ ዘጠኝ ወር ሆነው። እነሱም ክፍያ አልተለቀቀልንም ይሉኛል። በዚህ ዘጠኝ ወር ሠራተኛ ቀነስኩ እንጂ አልጨመርኩም። መንግሥት ወጪ ጨመረ ሲባል እኔ የማየው ገንዘቡን ሳይሆን የብረት ዋጋ ሲወደድ ነው። ይሄ ማባዣ የምትሉት ነገር ባንኮች ብር ሲያራቡ ከሚባለው ጋር አንድ ነው?

ጡረተኛው (ማክሰኞ፣ ማታ 4:58)

ደህና አመሻችሁ ልጆቼ። ይህን ትምህርት ለረጅም ዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ አሁን ከቤት ነኝ፣ ስለዚህ ጊዜ አለኝ።

መጀመሪያ ለብረት ተራ። አይደለም፣ የባንኩ ማባዣ ሌላ ነው። እዚያ የሚባዛው ተቀማጭና ብድር ነው። እዚህ ደግሞ ያንዱ ወጪ የሌላው ገቢ እየሆነ ሲዞር ነው። ያንተ የዘጠኝ ወር ታሪክ ግን ከቦታው ውጪ አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ለተማሪዋ ደግሞ፣ የመልስ ወረቀቱ ትክክል ነው። 200። ቀመሩን አስቀምጪውና ገንዘቡን ብቻ ተከተዪው። መንግሥት 100 ቢሊዮን አወጣ እንበል። ይህ ገንዘብ ለአንድ ሰው ደመወዝ፣ ለሌላው ትርፍ፣ ለሦስተኛው ኪራይ ሆኖ ገባ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ምርትም ገቢም በ100 አደገ። ከዚህ 100 ላይ ግብር 25 ይወስዳል። 75 ቀረ። ሰዎች ከ75ቱ 80 በመቶውን ማለትም 60 ያወጣሉ፤ 15 ይቆጥባሉ። ከወጣው 60 ውስጥ 10ሩ ለውጭ ዕቃ ነው፤ እሱ የቻይና ወይም የህንድ ፋብሪካ ገቢ ይሆናል እንጂ የእኛ አይሆንም። ስለዚህ አገር ውስጥ የቀረው ወጪ 50 ነው።

እንግዲህ 100 ገብቶ 50 ወጣ። ሁለተኛው ዙር በ50 ይጀምርና 25 ይወጣለታል። ሦስተኛው በ25፣ አራተኛው በ12.5። በየዙሩ ግማሽ ነው። 100 ሲደመር 50 ሲደመር 25 እያልሽ ብትሄጂ 200ን ትጠጊያለሽ፣ አታልፊውም። ይኸው ነው ሙሉ ታሪኩ። ቀመሩ ይህንኑ በአንድ መስመር መጻፍ ነው፤ k ማባዣው፣ c ሰዎች ከሚተርፋቸው ብር የሚያወጡት፣ t ግብሩ፣ m ኢምፖርቱ ነው፤

```
k = 1 / (1 - c(1 - t) + m)
  = 1 / (1 - 0.8 × 0.75 + 0.1)
  = 1 / 0.5 = 2
```

ቶሎቶሎ (ማክሰኞ፣ ማታ 5:10)

ጋሼ፣ ይቅርታ ግን አልገባኝም። እኔም እኮ ሦስቱንም ቀዳዳ ቆጥሬያለሁ። 25 ሳንቲም ግብር ሄደ ካልን 25 ሳንቲም ሄደ ነው። እርስዎ እንዴት 0.5 አደረጉት? እኔ ጋ 0.55 ነው።

ጡረተኛው (ማክሰኞ፣ ማታ 5:31)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ስህተትህ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ነው፣ ስለዚህ አትፈር።

አንተ ቁጠባን ከአንድ ሙሉ ብር ላይ 20 ሳንቲም ብለህ ቆረጥክ። ከዚያም ከዚያው ብር ላይ 25 ሳንቲም ግብር ቆረጥክ። ነገር ግን ሰውየው የሚቆጥበው ግብር ከፍሎ ከተረፈው ላይ ነው። እጁ ላይ ያለው 75 ሳንቲም ነው፤ ከሱ ላይ 20 በመቶው 15 ሳንቲም ነው። አንተ 20 አልክ። ትርፏ 5 ሳንቲም ሁለት ጊዜ ተቆጠረች።

በሌላ በኩል እየው። ግብር ሰብሳቢው የወሰደው 25 ሳንቲም ሁሉ ሊወጣ የነበረ ገንዘብ አይደለም። ሰውየው ቢተውለት ኖሮ 20ውን ያወጣና 5ቱን ይቆጥብ ነበር። ስለዚህ ግብሩ ከገበያ ያጎደለው 20 ሳንቲም ብቻ ነው። ግብር ባይኖር የሚቆጠበው 0.2፣ በግብር የጎደለው ወጪ 0.2፣ ኢምፖርት 0.1፤ ድምሩ 0.5 ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ሁልጊዜ ተማሪዎቼን የማስደርጋቸውን ማጣሪያ ላሳይህ። የፈሰሰው ሁሉ ሲደመር መጀመሪያ ከተጨመረው ጋር እኩል መሆን አለበት። መሆንም ያለበት ምክንያት አለው፤ ገንዘቡ መዞሩን የሚያቆመው በሦስቱ ቀዳዳዎች ወጥቶ ሲያልቅ ነው። የገባው 100 ከሆነ የወጣውም 100 ነው።

በ200 እንሞክረው። ግብሩ የ200 ሩብ ነው፣ 50። እጅ ላይ የተረፈው 150 ነው፤ የሱ አንድ አምስተኛ 30 ይቆጠባል። ኢምፖርቱ የ200 አሥረኛ፣ 20። ድምሩ 100። ልክ መጣ።

አሁን አንተ በ182 ሞክረው።

ቶሎቶሎ (ማክሰኞ፣ ማታ 5:49)

ግብር 45.5። የተረፈ 136.5፣ ቁጠባ 27.3። ኢምፖርት 18.2። ድምር 91።

9 ቢሊዮን ጠፋብኝ። 😅 እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ።

የማታ ተማሪ (ማክሰኞ፣ ማታ 5:55)

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄ ማጣሪያ ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች በትክክል ገባን፤ ዴቢትና ክሬዲት እንደ ማመሳከር ነው። የኔንም በ500 ሞከርኩት። ግብር ብቻውን 125 መጣ! ከተጨመረው 100 በላይ ግብር ተሰብስቧል ማለት ነው። ስሠራው አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ባየው ኖሮ እዚያው እይዘው ነበር።

አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። ኢምፖርቱን ለምን ከ100 ላይ 10 አልን? ዕቃ የሚገዛው ሰው ግብር ከፍሎ አይደል? ከ75 ላይ 7.5 መሆን አልነበረበትም?

ጡረተኛው (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20)

ልጄ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው፣ መልሱም የተጻፈው ጥያቄ ውስጥ ነው። ያንቺ መለማመጃ "የአገሪቱ ገቢ በአንድ ብር ሲጨምር" ይላል። ስለዚህ ከጠቅላላው ገቢ ነው፣ 10። ሌላ አስተማሪ "ግብር ከፍለው ከሚተርፋቸው" ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ያኔ 7.5 ይሆናል፣ አገር ውስጥ የሚቀረው ወጪም 52.5፣ ማባዣው 2.1 ገደማ፣ መልሱ ወደ 210.5 ይጠጋል። ሁለቱም ይሠራባቸዋል። ፈተና ላይ ቀመሩን ከማስታወስ ይልቅ አረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አንብቢ። "ከምን ላይ?" የምትለዋ ቃል ናት መልሱን የምትቀይረው።

ፖቶማክ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:05)

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው፤ ዘግይቼ ነው ያየሁት። በ200 ላይ ግብሩ 50 ተሰበሰበ ብላችኋል። ታዲያ ማባዣው ትንሽ ከፍ ቢል መንግሥት ያወጣውን ሁሉ በግብር መልሶ አያገኘውም? እዚህ አሜሪካ ፖለቲከኞች ፕሮግራማቸውን ሲሸጡ "ራሱን በራሱ ይከፍላል" ሲሉ እሰማለሁ። በዚህ ሒሳብ ግማሽ መንገድ ሄደናል እኮ።

ጡረተኛው (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:40)

ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል፣ እዚያው ግን ትቆማላችሁ። 100ውን በ25 በመቶ ግብር ለመመለስ ምርት በ400 ማደግ አለበት፤ ማባዣው 4 ይሁን ማለት ነው። ኢምፖርቱን ጨርሰህ ዜሮ ብታደርገው እንኳ በእነዚህ ቁጥሮች 2.5 ነው የሚመጣው። ከፍሳሹ ማጣሪያ ደግሞ ነገሩ ወዲያው ይታያል። ሦስቱ ቀዳዳዎች ተደምረው 100 ናቸው። ሰዎች ትንሽም ቢሆን የሚቆጥቡ ከሆነ ግብር ብቻውን 100 ሊሞላ አይችልም።

የሚጠቅመው ግማሽ እውነት ግን አለ። ወጪው በ100 ሲያድግ የበጀት ጉድለቱ የሚሰፋው በ50 ነው እንጂ በ100 አይደለም። የበጀት ሰዎች ይህን ቢረሱ ወይ ብዙ ይፈራሉ፣ ወይ ብዙ ይመኛሉ። የንግድ ሚዛኑም በ20 ይከፋል፤ እሱን ማንም አያነሳውም።

ዕቅድ ክፍል (ረቡዕ፣ ማታ 2:10)

እዚህ ውይይት ላይ አንድ ነገር እየተዘለለ ነው። እኔ ለብዙ ዓመት በፕሮጀክት ዕቅድ ላይ ሠርቻለሁ። ሁላችሁም የመንግሥት 100 ቢሊዮን በሙሉ የአገር ውስጥ ሰው ኪስ እንደገባ ነው የምትቆጥሩት። እውነተኛ ፕሮጀክት ላይ እንዲህ አይሆንም።

የሕዳሴውን ግድብ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ጀምሮ ዋናው የሲቪል ሥራ ተቋራጭ የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ተርባይኑና ጄኔሬተሩም እዚህ አገር አይሠራም። ቆፋሪው፣ ሾፌሩ፣ ሲሚንቶው፣ የካምፑ እንጀራ የአገር ውስጥ ገቢ ነው። ለተርባይን የተከፈለው ግን የመጀመሪያው ዙር ሳይጀመር ወጥቶ ሄዷል። የግድቡን ትክክለኛ ክፍፍል ለማስላት አይደለም ያነሳሁት፤ ዓይነቱን ለማሳየት ነው።

በተማሪዋ ቁጥር ሥሩት። ከ100 ቢሊዮኑ 40ው በቀጥታ ለውጭ መሣሪያ ቢከፈል፣ መዞር የሚጀምረው 60 ብቻ ነው። በ2 ሲባዛ 120። ያው 100 ቢሊዮን ወጪ ነው፤ ውጤቱ ግን ከ200 ወደ 120 ወረደ። ከውጭ የሚገባውም 20 መሆኑ ቀርቶ 40 ሲደመር 12፣ 52 ይሆናል። ለመምህራንና ለጤና ሠራተኞች ደመወዝ የሚወጣ 100 እና ለማሽን የሚወጣ 100 በበጀት ሰነዱ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ እዚህ ሒሳብ ውስጥ ግን በጣም ይራራቃሉ። ማሽኑ ነገ መብራት ይሰጣል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኛ የምናወራው ዘንድሮ ስለሚያድገው ምርት ነው።

ብረት ተራ (ረቡዕ፣ ማታ 2:34)

እሜቴ፣ ብረቱንም ጨምሪበት እንጂ። ሰው "የአገር ውስጥ ብረት" ይለዋል። የኔ አቅራቢዎች አገር ውስጥ ያሞቁታል፣ ይዳምጡታል፤ ጥሬው ቢሌት ግን በጂቡቲ በኩል በዶላር ነው የሚገባላቸው። ስለዚህ ከኔ ሱቅ የወጣው ብረት ግማሽ አገሬ ግማሽ ባሕር ማዶ ነው። ዶላር ሲጠፋ ፋብሪካው ይቆማል፣ እኔም ባዶ መደርደሪያ እጠብቃለሁ። ያኔ መንግሥት 100 ይሁን 300 ቢሊዮን ቢያወጣ ብረቱ ከየት ይመጣል? ዋጋው ነው የሚባዛው።

ጡረተኛው (ረቡዕ፣ ማታ 3:15)

እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ብረት ተራ ሁለት ነገር ተናግሯል፣ ሁለቱም ከቀመሩ ውጪ የቀሩ ናቸው።

አንደኛው ጊዜ ነው። እኔ ዙሮቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ስቆጥር በአንድ ትንፋሽ ነበር። በእውነቱ እያንዳንዱ ዙር ወራት ይፈልጋል። ተቋራጩ ለብረት ተራ በዘጠኝ ወሩ ካልከፈለው፣ ሁለተኛው ዙር እዚያው ቆሟል። ወጪው በበጀት ተመዝግቧል፣ ገቢ ግን አልሆነም። 200ው የሚደረስበት መጨረሻ እንጂ የዘንድሮ ቁጥር አይደለም። በእነዚህ ቁጥሮች ሦስት ዙር ቢጠናቀቅ 175 ላይ ትደርሳለህ፤ አንድ ዙር ላይ ከቆመ 100 ላይ ነህ።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ቀመሩ ሥራ ፈት ሰው፣ የቆመ ማሽን፣ ዕቃ ያለው መጋዘን እንዳለ አስቀድሞ ይገምታል። ፍላጎት ሲመጣ ዕቃ ተመርቶ እንዲመልስለት ማለት ነው። ሪቻርድ ካን እ.ኤ.አ. በ1931 ይህን ሒሳብ ሲጽፍ ከፊቱ የነበረው ሥራ አጥ የሞላባት እንግሊዝ ናት። በነገራችን ላይ ካን ገንዘቡ በኢምፖርትና በቁጠባ እንደሚያመልጥ ከመጀመሪያው ቆጥሯል፤ ቀዳዳዎቹ ኋላ የተጨመሩ አይደሉም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ ኬምብሪጅ ላይ የተማረው ህንዳዊው ቪ.ኬ.አር.ቪ. ራኦ ተነሥቶ "ይህ ለህንድ አይሠራም" አለ። ምክንያቱ የብረት ተራ ምክንያት ነው። እርሻው የሚሰጠው እህል በዚያው ዓመት አይጨምርም፣ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ የለውም፤ ስለዚህ የተጨመረው ወጪ ምርትን ትቶ ዋጋን ያሳድጋል። ቀመሩ የሚነግርህ የፍላጎቱን መጠን ነው። ስንቱ ምርት፣ ስንቱ ዋጋ እንደሚሆን አይነግርህም።

ቶሎቶሎ (ረቡዕ፣ ማታ 3:50)

እኔ ደግሞ የኢትዮጵያን ልሠራ ብዬ ተነሣሁ። እኛ አገር ግብር ከጂዲፒው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ 8 በመቶ ልበል። ሰው ከሚተርፈው 80 ሳንቲም ያወጣል ብዬ ልተው። ኢምፖርት 15 በመቶ ብል፣ ማባዣው 2.4 ይመጣል። ከፍተኛ ግብር ካላቸው የአውሮፓ አገሮች የኛ ይበልጣል ማለት ነው! ግብር ስለማንሰበስብ ተጠቀምን?

ዕቅድ ክፍል (ረቡዕ፣ ማታ 4:22)

ቶሎቶሎ፣ ስምህን አስጠራህ። 😄 ሒሳቡ ልክ ነው፣ የገቡት ቁጥሮች ግን ለዚህ የሚሆኑ አይደሉም። ግብርን ለጂዲፒ አካፍለህ ያገኘኸው አማካይ ነው። ቀመሩ የሚፈልገው ገቢ በአንድ ብር *ሲጨምር* ግብሩ በስንት እንደሚጨምር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ተጨማሪው ብር ደመወዝተኛ ኪስ ከገባ፣ በደረጃ ከፍ በሚለው የደመወዝ ግብር ላይ ይወድቃል፤ ሲያወጣው ደግሞ ብዙ ዕቃ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀዋል። ገበሬው ጋ ከገባ ግን ምንም ላይቆረጥበት ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ማን ጋ እንደሚደርስ ሳታውቅ 8ን ማስገባት አትችልም። ከአማካዩ በላይ እንደሆነ ግን እወራረዳለሁ፣ ስለዚህ ማባዣህ ይወርዳል።

የኢምፖርቱ ደግሞ ይብሳል። ለብዙ ዓመት ዶላር በወረፋ ነበር። በዚያ ዘመን ከውጭ የገባው ሰው ሊገዛ የፈለገው አይደለም፤ የተፈቀደለት ነው። ገቢው ሲያድግ ኢምፖርቱ ያላደገው ሰው አገር ውስጥ ዕቃ ስለወደደ ሳይሆን ባንኩ ዶላር ስላልሰጠው ነው። ከዚያ ዘመን የተለካ ቁጥር አነስተኛ ቢመስልህ አትመነው። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ጨዋታው ተቀየረ። ስለዚህ የትኛውን ዘመን ነው የምትለካው?

ፖቶማክ (ረቡዕ፣ ማታ 5:30)

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። ኢልዘትስኪ፣ ሜንዶዛና ቬግ የሚባሉ ሦስት ሰዎች 44 አገሮችን አይተው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። የምንዛሪ ተመናቸውን በያዙ አገሮች የመንግሥት ወጪ ምርትን ይገፋል፤ በለቀቁት ላይ ውጤቱ ዜሮ አካባቢ ነው ብለዋል። ለንግድ ክፍት የሆኑት ላይም አነስተኛ ነው። ታዲያ እኛ ብሩን ስንለቅ ማባዣውንም አብረን ለቀቅን ማለት ነው?

ጡረተኛው (ሐሙስ፣ ጠዋት 1:45)

ጥናቱን አውቀዋለሁ። ሎጂኩ፣ ተመኑ ሲለቀቅ የመንግሥት ወጪ ወለድን ከፍ ያደርጋል፣ ገንዘቡ ይጠነክራል፣ ኤክስፖርት ይጎዳል፤ ስለዚህ ባንድ እጅ የሰጠኸው በሌላው ይወሰዳል ነው። ይህ ግን የውጭ ካፒታል እንደልቡ የሚገባና የሚወጣበት አገር ታሪክ ነው። የኛ ገና እንደዚያ አይደለም። ብሩ በመንግሥት ወጪ ምክንያት ይጠነክራል ብዬ እኔ አልጠብቅም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን እፈራለሁ። ግን ይህ የኔ ግምት ነው።

ዕቅድ ክፍል (ሐሙስ፣ ጠዋት 2:30)

እኔ በዚህ አልስማማም ጋሼ። ማባዣው እንዲቀንስ ለንግድ ክፍት መሆኑ ብቻውን በቂ ነው። ዶላር በገበያ ዋጋ ከተገኘ፣ ድሮ በወረፋ ታፍኖ የነበረው የኢምፖርት ፍላጎት ይወጣል። ከዚህ በኋላ ከ10 ሳንቲም በላይ ነው የሚያመልጠን። ሁለት ሦስት ዓመት የንግድ ቁጥር ይውጣና እንየው።

ብረት ተራ (ሐሙስ፣ ረፋድ 4:05)

እናንተ ስትጨቃጨቁ እኔ ዛሬ ግማሽ ክፍያዬን አገኘሁ። 😂 ለምስክርነት ያህል፤ መጀመሪያ ያደረግኩት የአቅራቢዬን ዕዳ መክፈል ነው። አንድም አዲስ ዕቃ አልገዛሁም። ይሄ በየትኛው ቀዳዳ ይገባል?

ጡረተኛው (ሐሙስ፣ ረፋድ 4:40)

እንኳን ደስ አለህ! በሒሳቡ ቁጠባ ነው፤ ዕዳ መክፈል አለማውጣት ነው። የሚቀጥለው ዙር አቅራቢህ ምን እንደሚያደርግበት ላይ ነው። እሱም ዕዳውን ከከፈለበት እዚያም ቆመ። ለዚህ ነው ረጅም ክፍያ ዘግይቶ ከተለቀቀ በኋላ የመጀመሪያው ገንዘብ ብዙ የማይዞረው።

የማታ ተማሪ (ዓርብ፣ ማታ 3:20)

ፈተናው ነገ ነው። አስተማሪያችን ትናንት አንድ ጥያቄ ጨመረልን፤ ሠርቼዋለሁ፣ እዩልኝ። መንግሥት 100 ቢሊዮኑን ለማውጣት በገቢ ላይ ያልተመሠረተ፣ ሁሉም ቁርጥ አድርጎ የሚከፍለው 100 ቢሊዮን አዲስ ግብር ጣለ። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው።

እንዲህ አሰብኩ። የወጪው 200 ያመጣል። አዲሱ ግብር ደግሞ ከሰዎች ኪስ 100 ሲወስድ ከገበያ የሚያጎድለው 80 ነው፣ 20ውን ይቆጥቡት ነበርና። 80 በ2 ሲባዛ 160 ይቀንሳል። 200 ሲቀነስ 160፣ 40።

በጋሼ ማጣሪያ ፈተሽኩት። ከ40ው ላይ ግብር 10፣ ከአዲሱ ጋር 110። ኢምፖርት 4። እጅ ላይ የተረፈው 40 ሲቀነስ 110፣ ማለትም ከዜሮ በታች 70። ቁጠባው በ14 ቀነሰ። 110 ሲደመር 4 ሲቀነስ 14፣ 100! መጀመሪያ ቁጠባው ሲቀንስ ሳይ ተሳሳትኩ ብዬ ደነገጥኩ። ኋላ ግን ገባኝ፤ ሰዎች ግብሩን ከፊሉን የከፈሉት ከቁጠባቸው ነው።

ቶሎቶሎ (ዓርብ፣ ማታ 3:38)

ቆይ ቆይ። ወጪና ግብር እኩል ሲያድጉ ማባዣው 1 ነው ተብሎ ነበር የተማርነው። 100 መሆን ነበረበት። 40 ከየት መጣ?

ጡረተኛው (ዓርብ፣ ማታ 4:02)

የሷ ልክ ነው። አንተ የተማርከው ኢምፖርት በሌለበትና የተሰበሰበው ግብር በትክክል 100 በሆነበት ነው። እዚህ ግብሩ 110 ደርሷል፣ እሷ ጽፋዋለች። በጠቅላላው ግብር 100 ላይ እንዲቆም አድርገህ ድጋሚ ሥራው፤ 1 አይመጣልህም፤ ግን ከ40 ይበልጣል። ማጣሪያውን አትርሳ።

ቶሎቶሎ (ዓርብ፣ ማታ 4:41)

66.7 መጣልኝ። ግብር 100፣ ኢምፖርት 6.7፣ ቁጠባ ደግሞ 6.7 ቀነሰ። ድምር 100። ዛሬ ምንም አልጠፋብኝም ጋሼ።

ኢምፖርቱን ዜሮ ሳደርገው ደግሞ ቁጭ 100 አለ። ስለዚህ ያቺን 1 ያበላሻት ኢምፖርቱ ነው።

የማታ ተማሪ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 8:50)

ወጣሁ! ጥያቄው መጥቷል፤ "ግብር ከፍለው ከሚተርፋቸው" የሚለው ኢምፖርቱ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።